ደብተሩ 19,000 ብር አተረፍኩ ይላል፤ ጎተራውስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከብቸና ነው። አምና ጥር ላይ ሁለት የደለቡ በሬዎች ሸጠን፣ ከነበረን ጋር ደምረን 200,000 ብር በ10 በመቶ ወለድ ለአንድ ዓመት በጊዜ ገደብ ባንክ አስቀመጥን። ዘንድሮ ዓመቱ ሲሞላ ግብሩ ተቆርጦ 219,000 ብር ሆነ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ግን «ከስረናል» ይላል። አምና ጥር በ11,000 የገዛነው ኩንታል ጤፍ ነሐሴ ላይ 13,750 ገብቶ ነበር፤ አሁን ጥር ላይ 12,650 ነው። «25 በመቶ እየጨመረ 10 በመቶ ወለድ ምን ይፈይዳል? አውጥተን ጤፍ እንግዛና ክረምት ላይ እንሽጠው» ባይ ነው። እናቱ ደግሞ «ባንክ ከሚበላው ቤት ይቀመጥ» ይላሉ። ሐሳባችን የጀመርነው ቤት ግድግዳው ሲያልቅ በመጪው ጥር 80 ቆርቆሮ ማልበስ ነው። ቆርቆሮውም በዓመት ከ850 ወደ 1,020 ብር ወጥቷል። ጤፍ የምንገዛው በየወሩ ከደመወዝ ነው። ልክ ማን ነው? ምንስ እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትዎ «ከስረናል» ማለታቸው ልክ ነው፤ ኪሳራው ግን እሳቸው የሚሉትን ያህል አይደለም። የአማትዎ ሐሳብ ደግሞ፣ ከአክብሮት ጋር፣ ከሦስታችሁ ሐሳብ ሁሉ የሚጎዳችሁ እሱ ነው። በራስዎ ቁጥር ላሳይዎ። ብሩን ለጊዜው እንተወውና በኩንታል እንቁጠር።

አምና ጥር 200,000 ብር ይዘው ገበያ ቢወጡ፣ በ11,000 ሒሳብ 18 ኩንታል ከ18 ኪሎ ጤፍ ይገዙ ነበር። ዘንድሮ ጥር 219,000 ብር ይዘው ቢወጡ፣ በ12,650 ሒሳብ የሚገዙት 17 ኩንታል ከ31 ኪሎ ነው። ብሩ በ19,000 ጨምሯል፣ ጤፉ በ87 ኪሎ ጎድሏል። ብር እንደ ቁና ነው፤ ቁናው ራሱ እየጠበበ ከሄደ የቁናው ብዛት ቢጨምርም እህሉ ላይጨምር ይችላል። ስለዚህ እርስዎም ባለቤትዎም ያያችሁት እውነት ነው፤ እርስዎ ቁናውን ቆጠሩ፣ እሳቸው እህሉን።

ባንኩ ሰሌዳው ላይ የለጠፈው፣ ውሉ ላይም የተጻፈው 10 በመቶ ኖሚናል ወለድ ይባላል። ብሩ በብር ሲቆጠር በስንት እንደሚያድግ ብቻ ይናገራል። ሪል ወይም እውነተኛ ወለድ የሚባለው ደግሞ ያው ገንዘብ ዕቃ በመግዛት አቅሙ በስንት አደገ ወይም ቀነሰ የሚለው ነው። ገንዘቡን የሚያስቀምጡት ኋላ አንድ ነገር ሊገዙበት ስለሆነ፣ ለእርስዎ ቤት ዋናው ሁለተኛው ነው።

ከኖሚናሉ ወደ እውነተኛው ለመሻገር መጀመሪያ እጅዎ የሚገባውን ይያዙ። ከ20,000 ብር ወለድ 1,000 ብር፣ ማለትም 5 በመቶው፣ ለግብር ተቆርጧል። ስለዚህ በተግባር ያገኙት 10 ሳይሆን 9.5 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ግብሩ የሚቆረጠው ከኖሚናሉ ወለድ ላይ ነው። እውነተኛው ወለድ ከዜሮ በታች ቢሆንም፣ ማለትም በጤፍ ሲቆጠር ምንም ባያተርፉም፣ ግብሩ አይቀርም። ይህ በእኔ እምነት ቆጣቢውን ሁለት ጊዜ የሚጎዳ አሠራር ነው፤ ግን ሒሳብ ስንሠራ ያለውን እንዳለ መያዝ አለብን።

ቀጥሎ ማካፈል ነው። በመቶ ብር የጀመረ ሰው 109.50 ብር ሆነለት፤ ጤፍ ከ11,000 ወደ 12,650 ስለወጣ፣ መቶ ብር ያወጣ የነበረው ደግሞ 115 ገባ። 109.50 ለ115 ሲካፈል 0.952 ይመጣል። ከመቶው ብር የመግዛት አቅም 95 ብር ከ20 ሳንቲም ቀረ ማለት ነው። እውነተኛው ወለድ ከዜሮ በታች 4.8 በመቶ ነው። ይህ ሒሳብ በአሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ በኢርቪንግ ፊሸር ስም ይጠራል፤ ቀመሩም ይኸው ነው፦

እውነተኛ ወለድ = (1 + የተጣራ ወለድ) ÷ (1 + የዋጋ ጭማሪ) − 1

ብዙ ሰው በአቋራጭ 9.5 ሲቀነስ 15 ብሎ «5.5 በመቶ ከሰርኩ» ይላል። ለእናንተ ጉዳይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ግን መቀነስ ያሳስታል። በ2014 ዓ.ም. የሀገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው ወለል ደግሞ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው። ንረቱን 33 በመቶ ብለን ብንይዝ፣ ከግብር በኋላ 6.65 በመቶ ያገኘ ቆጣቢ በመቀነስ ሲሰላ 26 በመቶ የከሰረ ይመስላል። በማካፈል ሲሰላ ግን ኪሳራው 20 በመቶ ገደማ ነው። ያም ቢሆን ከእያንዳንዱ መቶ ብር ሃያው ቀለጠ ማለት ነው። የዚያ ዘመን ትዝታ ብዙ ቤት ውስጥ «ባንክ ገንዘብ ይበላል» የሚለውን አነጋገር የተከለ ይመስለኛል። ገንዘቡን የበላው የዋጋ ንረት ነበር፤ ባንኩ በትንሹም ቢሆን መልሷል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ 25 በመቶ ልምጣ። ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት ግልጽ ነው፤ ከጥር 11,000 ተነስተው ነሐሴ 13,750 ላይ አቆሙ። ጥር ላይ ጤፉ ተወቅቶ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውንም ሌላ ወጪውንም ሊሸፍን ወደ ገበያ የሚያወጣበት ጊዜ ስለሆነ ዋጋው ይረግባል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ጎተራው ተሟጥጦ፣ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ነው። በጎጃም ይህንን የማያውቅ ሸማች የለም። ከእነዚያ 25 ነጥቦች ውስጥ የወቅቱ ድርሻ ጥር ሲመጣ ተመልሶ ሄዷል፤ ለዚህ ነው ዋጋው ወደ 12,650 የወረደው። ሳይመለስ የቀረው 15 በመቶ ነው፣ የዓመቱ የዋጋ ጭማሪ የሚባለውም እሱ ነው። ባንኩ 10 በመቶ የሰጠው ለ12 ወር ነው። የ12 ወር ወለድን ከሰባት ወር የዋጋ ጉዞ ጋር፣ ያውም ከዝቅተኛው ወር እስከ ከፍተኛው ወር ካለው ጉዞ ጋር ማነጻጸር ሚዛኑን ያዛባዋል። ጥርን ከጥር፣ ነሐሴን ከነሐሴ ጋር ብቻ ያስተያዩ።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው የዋጋ ንረት ቁጥርም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። በሬዲዮ «የዚህ ወር የዋጋ ንረት ይህን ያህል በመቶ ነው» ሲባል፣ ይህንን ወር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር አነጻጽረው ነው። ከዚህ ሌላ የ12 ወር አማካይ የሚባል ቁጥርም ይነገራል፤ እሱ የዋጋውን አካሄድ ስለሚያለሰልስ ዘግይቶ ነው የሚንቀሳቀስ። ለአንድ ዓመት ተቀማጭ የሚመቸው የመጀመሪያው ነው። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ይህ ቁጥር በ13 እና በ14 በመቶ መካከል ነበር። እንግዲህ «ንረቱ ቀነሰ» ሲባል ሰምተው ጤፉ ይረክሳል ብለው አይጠብቁ። ከ30 ወደ 14 ወረደ ማለት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት እንጂ ዋጋው ወደነበረበት ተመለሰ ማለት አይደለም።

የሀገሪቱ ቁጥር ግን የእርስዎ ቤት ቁጥር አይደለም። በሀገር ደረጃ ከሚሰላው የዕቃ ቅርጫት ከግማሽ በላዩ ምግብ ነው፤ ቀሪው የቤት ኪራይ፣ ልብስ፣ ትራንስፖርት፣ ሕክምና እያለ ይሄዳል። ብቸና በራሱ ቤት የሚኖር ሰው ኪራይ አይከፍልም፣ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ቆርቆሮና ሚስማር ይገዛል። ጤፍ ብቻውንም የቤቱ ወጪ ሁሉ አይደለም። የራስዎን ቁጥር ለማግኘት በአንድ ወር ውስጥ የገዙትን በልክ ይጻፉ፤ ይህን ያህል ኪሎ ጤፍ፣ ይህን ያህል ሊትር ዘይት፣ ይህን ያህል ኪሎ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ሳሙና፣ የልጆች ክፍያ። በዓመቱ በዚያው ወር ያንኑ ዝርዝር፣ ልኩን ሳይቀይሩ፣ በአዲሱ ዋጋ ያስሉ። ልኩን አለመቀየር ዋናው ነገር ነው። ዘይት ተወደደ ብለን ከሦስት ሊትር ወደ ሁለት ከወረድን የወጣው ብር ብዙም አይለወጥም፤ «ወጪያችን አልጨመረም» እያልን ግን ኑሯችን ቀንሷል። ዝርዝሩ አምና 9,000 ብር ያወጣ ከነበረና ዘንድሮ 10,080 ካወጣ፣ የቤትዎ የዋጋ ጭማሪ 12 በመቶ ነው። በዚያ ሲሰላ የእርስዎ እውነተኛ ወለድ ከዜሮ በታች 2.2 በመቶ ብቻ ይሆናል። ያው 219,000 ብር፣ በጤፍ ሲለካ 4.8፣ በቤት ወጪ ሲለካ 2.2 ጎደለ። የትኛውን መጠቀም እንዳለብዎ የሚወስነው ገንዘቡን ለምን እንዳሰቡት ነው።

ለአማትዎ የሚመለስላቸው አጭር ነው። አምና 200,000 ብሩ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን ዘንድሮ የሚገዛው 15 ኩንታል ከ81 ኪሎ ነው፤ 237 ኪሎ ጎደለ። በተራው የቁጠባ ደብተር በ7 በመቶ ቢሆን 213,300 ብር ሆኖ 16 ኩንታል ከ86 ኪሎ ይገዛል፤ 132 ኪሎ ጎደለ። እናንተ ባስቀመጣችሁበት በጊዜ ገደቡ 87 ኪሎ ጎደለ። ሦስቱም ጎድለዋል፤ ግን በትልቁና በትንሹ መካከል አንድ ኩንታል ተኩል ጤፍ አለ። እውነተኛ ወለድ ከዜሮ በታች ነው ማለት ገንዘቡን አውጥቶ ቤት ማስቀመጥ ይሻላል ማለት አይደለም፤ ቤት ያለ ብር ወለዱ ዜሮ ስለሆነ የዋጋ ጭማሪውን ሙሉ በሙሉ ይሸከማል። በነገራችን ላይ ዕቁብም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው ዕጣ የወጣለት ሰው ከመጀመሪያው ሰው እኩል ብር ይቀበላል፣ የሚገዛበት ዕቃ ግን ያንሳል። ዕቁብ ጥሩነቱ ሌላ ነው፤ ለመቆጠብ ማስገደዱና ወዳጅነቱ።

እስካሁን ያሰላነው ያለፈውን ዓመት ነው። የመጪውን ዓመት ለመወሰን አንድ ችግር አለ፤ ወለዱ ዛሬ ይወሰናል፣ የዋጋ ጭማሪው ግን የሚታወቀው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው። ባንኩ 10 በመቶ ሲል ስለ ጤፍ ዋጋ ምንም ቃል አልገባም። ስለዚህ ማንም «የዘንድሮው እውነተኛ ወለድ ይህ ነው» ቢልዎ ግምቱን ነው የነገረዎ። እኔ የምመክረው መተንበዩን ትተው የመቻቻያውን ዋጋ፣ ማለትም ባንኩና ዕቃው እኩል የሚወጡበትን ዋጋ፣ እንዲያሰሉ ነው። የዛሬውን ዋጋ በ1.095 ያባዙ። ጤፍ 12,650 በ1.095 ሲባዛ 13,850 ገደማ ነው። ቆርቆሮ 1,020 በ1.095 ሲባዛ 1,117 ነው። ለከርሞ ጥር ጤፉ ከ13,850 በታች ከሆነ ባንኩ ጤፍ ከማስቀመጥ በልጧል፤ በላይ ከሆነ ጤፉ በልጧል። አሁን ጥያቄው ገበያ የሚውል ሰው ሁሉ ሊያስብበት የሚችል ሆነ፦ ቆርቆሮ በዓመት ውስጥ 1,117 ብር ያልፋል ወይስ አያልፍም?

ባለቤትዎ ያሰቡት የጤፍ ንግድ በዚሁ መንገድ ይፈተን። ዛሬ በ12,650 ገዙ። ጆንያ፣ ማጓጓዣ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የመጋዘን ቢባል በኩንታል 500 ብር እንያዝለት፤ የገባበት 13,150 ሆነ። የአምናው ከተደገመ ነሐሴ ላይ ሸማች የሚገዛው በ15,800 አካባቢ ይሆናል። እሳቸው ግን ለሸማች በኪሎ የሚቸረችሩ ካልሆነ ለነጋዴ ነው የሚሸጡት፣ ነጋዴው ደግሞ የራሱን ትርፍ ቀንሶ በ15,000 ይወስዳል እንበል። ትርፉ በኩንታል 1,850 ብር፣ በሰባት ወር 14 በመቶ ነው። ይህ ከባንኩ ይበልጣል፤ ሐሳባቸውን አልንቀውም። ነገር ግን እስከ ነሐሴ የሚጨምረው 10 በመቶ ብቻ ቢሆንስ? ሸማቹ በ13,900 ይገዛል፣ ነጋዴው በ13,200 ይወስዳል፣ ለእሳቸው በኩንታል 50 ብር ይቀራል። ባንኩ በዚያው ሰባት ወር 5.5 በመቶ ያህል፣ በኩንታሉ ዋጋ ሲታሰብ 700 ብር ገደማ ያጠራቅምላቸው ነበር። መንገድ ሲዘጋማ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ በዚያ ሰሞን ጤፍ ጎተራ ያለው ሰው ሁሉ ወደሚፈልገው ገበያ አያደርሰውም። ስለዚህ ይህ ንግድ ነው። ንግድ ሊያተርፍ ይችላል፤ ለቤት ክዳን የተቀመጠ ገንዘብን ሙሉውን ለእሱ መስጠት ግን አይገባም።

ከዚህ ይልቅ የባለቤትዎ ሐሳብ ውስጥ ያለውን ጥሩ ነገር ልውሰድና ወደ ቤታችሁ ላምጣው። ለመሸጥ ሳይሆን ለመብላት ይግዙ። በዓመት አምስት ኩንታል የምትጨርሱ ከሆነ አሁን በጥር ዋጋ 63,250 ብር ነው። የራስን ቀለብ ሲገዙ ነጋዴ የሚቀንሰው የለም፣ ደላላም የለም፣ ዋጋው ወጣም ወረደ የሚሸጥ ነገር የለም። አምና በጥር የገዛና በነሐሴ የገዛ ሰው መካከል በኩንታል 2,750 ብር ልዩነት ነበር። ጤፍ ደግሞ እንደ በቆሎ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ከእርጥበትና ከአይጥ ከጠበቁት ዓመቱን ይሻገራል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ በየወሩ ከደመወዝ ለጤፍ ታወጡት የነበረውን ብር፣ በወር 5,270 ገደማ፣ ሳትነኩ ወደ ቁጠባ መልሱት። ይህ ካልተደረገ ዋጋ አልቆጠባችሁም፤ የበሬዎቹን ገንዘብ በላችሁት ማለት ነው።

ቆርቆሮውስ? 80 ቆርቆሮ ዛሬ 81,600 ብር ነው። ይህንን ብር ለአንድ ዓመት ባንክ ብታስቀምጡ 89,352 ይሆናል። ቆርቆሮው እንዳምናው 20 በመቶ ከጨመረ ለከርሞ የሚያስፈልጋችሁ 97,920 ነው፤ 8,568 ይጎድላችኋል። 5 በመቶ ብቻ ከጨመረ ደግሞ 85,680 ይበቃል፣ ባንክ በማስቀመጣችሁ 3,672 ተረፋችሁ። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ። ምክንያቱም ቆርቆሮ የሚሠራው ከውጭ በዶላር ከሚገባ ጥቅል ብረት ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ብር በወረደ ቁጥር ቆርቆሮው ይከተላል። ከዚያም በላይ ዕቃው ለምን እንደሚውል ታውቁታላችሁ፤ ዋጋው ቢወርድ እንኳ ቤቱ ይለብሳል። ግድግዳው በእርግጥ በመጪው ጥር የሚያልቅ ከሆነ አሁን ግዙት። ጥርጣሬ ካለ ግን፣ የቦታ ጉዳይ ካላለቀ ወይም የአናጺው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ፣ አትግዙ፤ የተገዛ ቆርቆሮ መልሶ ሲሸጥ ከገዙበት በታች ነው የሚሄደው።

ከገዙ ጌጁን፣ ማለትም ውፍረቱን፣ አይተው ይግዙ፤ የአምናው 850 እና የዘንድሮው 1,020 የአንድ ጌጅ ዋጋ መሆኑንም ያረጋግጡ። ቀጭኑን ከወፍራሙ ጋር አነጻጽረው ከሆነ 20 በመቶ ያልነው የዋጋ ጭማሪ አይደለም። ሲያስቀምጡት ከመሬት ከፍ አድርገው፣ በደረቅ ቦታ፣ ነፋስ እንዲገባው ትንሽ አዘንብለው ያቁሙት። ዝናብ ነክቶት እርስ በርሱ እንደተጣበቀ ከከረመ በመካከሉ ነጭ ዝገት ያወጣል። ሚስማርም አብሮ ቢገዛ አይጎዳም። ሲሚንቶ ግን በዚህ ሒሳብ አይግዙ፤ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ጥንካሬው እየቀነሰ፣ እርጥበት ካገኘው እየደነደነ ስለሚሄድ፣ ከዋጋ ንረት ያተረፉትን በዕቃው ብልሽት ያጡታል።

ከቀለቡና ከቆርቆሮው በኋላ 74,150 ብር ይቀራችኋል። ከዚህ 24,150ውን በተራው ቁጠባ ደብተር ለሕመምና ለድንገተኛ ያኑሩት፤ 7 በመቶ መሆኑ አያሳስብዎ፣ የዚህ ገንዘብ ሥራ በተፈለገበት ቀን መገኘት ነው። 50,000ውን እንደገና በጊዜ ገደብ ያስቀምጡ። አንድ ላይ ሳይሆን በሁለት ውል፣ 25,000 በ25,000 ያድርጉት። አንድ ነገር ቢገጥማችሁና ከጊዜው በፊት ማውጣት ግድ ቢሆን አንደኛውን ብቻ ታፈርሳላችሁ፤ ሌላው ወለዱን ይዞ ይቀጥላል።

መስኮቱ ላይ ሲቀርቡ የሰሌዳውን ቁጥር አይተው አይፈርሙ። የጊዜ ገደብ ወለድ በድርድር የሚሻሻልበት ጊዜ ስላለ ከአንድ በላይ ባንክ ጠይቀው ይወስኑ። ከግብር በኋላ ዓመቱ ሲያልቅ እጄ የሚገባው ብር ስንት ነው ብለው በብር ያስነግሩ፤ ቁጥሩ ከ9.5 በመቶ ከተለየ የመቻቻያ ዋጋዎቹን በአዲሱ ያባዙ። ከጊዜው በፊት ባፈርስ ወለዱ ሙሉ በሙሉ ይቀራል ወይስ በተራ ቁጠባ ሒሳብ ይታሰባል? ይህንን ከውሉ ላይ አስነብበው ይስሙ። በመጨረሻም ቀኑ ሲደርስ ባልመጣ ምን ይሆናል ብለው ይጠይቁ። ውሉ በራሱ የሚታደስ ከሆነ በዚያን ጊዜ ባለው ወለድ ሌላ ዓመት ታስሮ ሊያገኙት ይችላሉና፣ የሚያበቃበትን ቀን ከመቻቻያ ዋጋዎቹ ከ13,850 እና ከ1,117 ጋር በአንድ ገጽ ይጻፉት፤ ከዚያ ቀን አንድ ሳምንት ቀድመው ገበያ ወጥተው ሁለቱን ዋጋ ጠይቀው ወደ ባንኩ ይሂዱ።